«ምን ዓይነት ልብስ ትወጃለሽ?» ብለሽ አትጀምሪ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ነዎት? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ዓመት ቡቲክ ውስጥ ሠርቻለሁ። አሁን በግሌ ስታይሊስት ሆኜ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያዋን ደንበኛዬን «ምን ትወጃለሽ?» አልኳት። በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ፣ ያንኑ ተከትዬ ሦስት ልብስ አስገዛኋት። ከሁለት ወር በኋላ ሳገኛት አንዱንም አልለበሰችውም። ቅዳሜ ሌላ ደንበኛ ቤት እሄዳለሁ። ስለ ኑሮዋ፣ ስለ በጀቷ፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ስለጎደለው ነገር ምን ምን ልጠይቃት? የቱንስ ላስቀድም?

ጀማሪዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እህቴ፣

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ቦሌ አራብሳ የምትኖር ደንበኛ ነበረችኝ። ክሬም ሱሪ መረጥኩላት። ልኩ ቁጭ ብሏል፣ ጨርቁ አይጨማደድም፣ እሷም መስታወት ፊት ዞር ዞር ብላ ወደደችው። ወሩ ሰኔ ነበር። ከብሎኳ እስከ ታክሲው ያለው መንገድ ደግሞ ዋልካ። የዋልካ ጭቃ ጫማ ይዞ እንደሚያስቀር ቱሉ ዲምቱ ለምትኖሪው ለአንቺ አልነግርሽም። ሱሪው አንድ ቀን ተለበሰ፣ አንድ ቀን ታጠበ፣ ከዚያ ተሰቅሎ ቀረ። እኔ ስለ ቀለምና ስለ ቁመት ስጠይቃት ውዬ፣ ከቤቷ ስትወጣ ምን እንደምትረግጥ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌ አልተቀየረም። መጀመሪያ ኑሮ፣ ቀጥሎ ቁም ሣጥን፣ ከዚያ ገንዘብ። የምትወደው ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ምን ትወጃለሽ?» ስትያት የምታሳይሽ ፎቶ በመኪና የምትሄድ፣ ልብሷን ሌላ ሰው የሚተኩስላት ሴት ነው። ፎቶው ውሸት አይደለም፤ ምኞቷ ነው። ግን ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታክሲ የምትጠብቀው ሌላ ሴት ናት።

ከቅዳሜ በፊት ደውይላትና ሁለት ነገር ንገሪያት። አንደኛው፣ ቁም ሣጥኗን እንዳታስተካክል። ሰው እንግዳ ይመጣል ሲባል ማጽዳቱ አይቀርም፤ ሲያጸዳ ደግሞ አንቺ ማየት የሚገባሽን ነገር ይደብቅብሻል። ሁለተኛው፣ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ እንድትቀጥርሽ። ማታ በአምፖል ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊን መለየት ያስቸግራል፤ መብራቱ ከጠፋማ ጭራሽ አበቃ። እግረ መንገድሽን ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር ጠይቂ። ባል ወይም እናት አጠገቧ ተቀምጠው የምትመልሰውና ብቻዋን ሆና የምትመልሰው አንድ አይሆንም።

ቤቷ ስትደርሺ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸውልሽ፦ «ካለፈው ሰኞ ጀምረሽ እስከ እሑድ በየቀኑ የት የት እንደዋልሽና ምን ለብሰሽ እንደነበር ንገሪኝ።» ያለፈው ሳምንት ይሁን። «አብዛኛውን ጊዜ» ካልሻት ልትሆን የምትፈልገውን ትነግርሻለች። አንዷ «ጠዋት ጠዋት ስፖርት እሠራለሁ» ብላኝ ነበር። ስኒከሯን አነሳሁት፤ ሶሉ አዲስ ነው። ምንም አላልኩም። ብቻ የስፖርት ልብስ ዝርዝሬ ውስጥ አላስገባሁም።

መልሷን እየሰማሽ ዙሪያውን ተመልከቺ። ወንበሩ ላይ የተቆለለ ልብስ ይኖራል፤ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይም እንዲሁ። ትክክለኛው ቁም ሣጥኗ እሱ ነው። የምትለብሰውን አታጥፈውማ። ወንበሩ ላይ ያለውን አንድ በአንድ አንሺና «ይሄን ለምን ደጋገምሽው?» በያት። «አይተኮስም»፣ «ጭቃ አያሳይም»፣ «ስቀመጥ አያጨናንቀኝም» ትልሻለች። እነዚህን ቃሎቿን እንዳሉ ጻፊያቸው። ስታይሏ ምን እንደሆነ ከፎቶው ይልቅ እነሱ ይነግሩሻል።

ከሳምንቱ ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎች እኛ ዳር ሰፈር የምንኖረውን በተለይ የሚመለከቱ ናቸው። ስንት ሰዓት ላይ ትወጪያለሽ፣ በምን ትሄጃለሽ? ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ንጋት ላይ የምትወጣ ሴት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ አጥንቷ ድረስ ይገባል። ያቺው ሴት ቀን 7 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ፀሐይ ይፈጃታል። ለእሷ አንድ ወፍራም ካፖርት ሸክም ነው። የሚደራረብና የሚወልቅ ነው የሚያስፈልጋት፤ ሲወልቅ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ። ታክሲ ውስጥ ተጨናንቃ የምትሄድ ከሆነ ጠባብ ጉርድ መውጣትና መውረዱን ያከብድባታል። መንገዱስ? ጫማ በፌስታል ይዛ ቢሮ ስትደርስ የምትቀይር ከሆነ የሚያስፈልጋት ሁለት ጫማ ነው፤ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለወለል።

ቀጥሎ እጥበት። «ልብስ የሚያጥበው ማነው? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ካውያ የሚተኩሰውስ ማነው?» ይሄን ጥያቄ ጀማሪዎች ይንቁታል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምይዘው ጥያቄ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ነጭ ሸሚዝ በየቀኑ አይለበስም። ላውንደሪ ብቻ የሚገባ ልብስ፣ ላውንደሪው አንድ ታክሲ ርቀት ላይ ከሆነ፣ ሁለተኛ አይለበስም። ማታ 2 ሰዓት ቤት የምትገባ ሴት የሚተኮስ ጨርቅ ከመረጥሽላት የምትተኩሰው እሑድ ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጥሩ ትለብሳለች፣ ሐሙስና ዓርብ ወደ ወንበሩ ትመለሳለች።

ከዚያ አልፎ አልፎ የሚመጡት ቀናት አሉ። ለቅሶ፣ እድር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ሰርግ፣ በዓል። «ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ለቅሶ ደረስሽ? ስንት ሰርግ?» ብለሽ በቁጥር ጠይቂ። ሰው ለሰርጉ ይዘጋጃል፤ ለቅሶ ግን ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ዘመድ ሞተ ተብላ ጥቁር ጉርድ ከጎረቤት የተዋሰች ስንት ደንበኛ አጋጥማኛለች። በዓልም እንደዚያው ነው፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ። የሐበሻ ቀሚስ ስንት እንዳላት፣ ነጠላዋ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ እዪ። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ጉድለት አይገኝም። ቶሎ እለፊው።

የመጨረሻው የኑሮ ጥያቄ ክልከላ ነው። «ፈጽሞ የማትለብሽው ነገር ምንድን ነው?» በይ። ምክንያቱን ካልነገረችሽ አትቆፍሪ። እምነት ይሆናል፣ የመሥሪያ ቤት ደንብ ይሆናል፣ ጠባሳ ይሆናል። አንድ ነገር ግን በዘዴ ጠይቂ፦ «ባለፈው አንድ ዓመት ልክሽ ተቀይሯል?» በቅርብ የወለደች ሴት ልኳ ገና አልረጋም። ለእሷ ውድ ሱሪ ማስገዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ልኩን በቃል አትቀበይ፤ ሜትርሽን አውጪና ራስሽ ለኪ። ደንበኛሽ በዕድሜ ከበለጠችሽ ደግሞ ይሄን ሁሉ በ«እርስዎ» እንደምትጠይቂ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቁም ሣጥኑ። «ምን ጎደለሽ?» ብለሽ እንዳትጠይቂያት። ደንበኛ የምትነግርሽ የሰለቻትን እንጂ የጎደላትን አይደለም። የጎደለው የሚታየው ሲቆጠር ነው። እንዴት እንደሆነ በአንዷ ደንበኛዬ ላሳይሽ።

34 ዓመቷ ነው። የሁለት ልጆች እናት፣ በሂሳብ ሥራ የምትተዳደር፣ ኮዬ ፈጬ የምትኖር። የደወለችልኝ «ቀሚስ የለኝም፣ ስታይሌን ቀይሪልኝ» ብላ ነው። አንድ ወረቀት መሃሉን በመስመር ከፈልኩት። በግራ ሳምንቷን ጻፍኩ፦ ቢሮ 5 ቀን፣ ቤትና ገበያ 1 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን 1 ቀን። ለቅሶ በወር አንዴ ገደማ። ሰርግ በዓመት ሁለት ወይ ሦስት። በቀኝ ደግሞ ልብሶቿን አልጋ ላይ ዘርግተን ቆጠርን። የሰርግ ቀሚስ 11። አራቱ የሚዜ ናቸው፤ አራቱም አንድ አንድ ቀን ብቻ ተለብሰዋል። የቢሮ ሸሚዝ 9። ሱሪና ጉርድ ለቢሮ 5። ጫማ 5፣ ሦስቱ ታኮ።

እስካሁን ጉድለት ያለ አይመስልም። ግን ሱሪና ጉርዱን አንድ በአንድ አስለካኋት። አንዱ ዚፑ ተበላሽቷል፣ አንዱ ከወሊድ በኋላ አልዘጋም ብሏል፣ አንዱ ረዝሞ መሬት ይጠርጋል። የሚለበሱት ሁለት ብቻ ናቸው። ለ5 ቀን ቢሮ ሁለት ሱሪ! ከ9ኙ ሸሚዞች ደግሞ ሦስቱ ስስ ናቸው፤ ከውስጥ የሚለበስ ስለሌላት ለብሳቸው አታውቅም። ከጫማዎቹ ጭቃና አስፋልት የሚችል አንድ ብቻ፣ እሱም ሶሉ ተሰንጥቋል። ለዝናብ የሚሆን ጃኬት የለም፤ ዣንጥላ ብቻ። ለለቅሶ የሚሆን ጥቁር ጉርድ የለም።

አየሽው? ቀሚስ የለኝም ያለችው ሴት 11 ቀሚስ አላት። ላዩ ሞልቶ ታቹ ባዶ ነው። ጎደለ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ማንም ፎቶ የማያነሳው ነው፦ ከውስጥ የሚለበስ ቦዲ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ሊወለወል የሚችል ዝቅ ያለ ጫማ። እነዚህ ሲገቡ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የሞቱ ልብሶች ይነሳሉ። ሁለት ቦዲ ሦስት ሸሚዝ መለሰላት።

ከዚህ የተማርኩት ፈተና አለ። ልታስገዢያት ያሰብሽው አንድ ልብስ ቤት ካሉት ቢያንስ ከሦስቱ ጋር መለበስ አለበት። እዚያው አልጋው ላይ አስቀምጠሽ አሳዪያት፤ ልብሱ ገና ስላልተገዛ በቀለሙ የሚቀርብ ሻርፕ ወይም ነጠላ ተጠቀሚ። ሦስት ካላገኘሽ ችግር አመጣሽባት እንጂ ጉድለቷን አልሞላሽም፤ እሱን ለማልበስ ሌላ ሁለት መግዛት ይኖርባታል። ያንቺ ደንበኛ ሦስት ልብሶች እዚህ ጋ የወደቁ ይመስለኛል።

በዚህ ቀን ምንም እንዳታስጥያት። የማይሆነውን ለብቻው ከምሪና ተዪው። የእናቷ ቀሚስ ይሆናል፣ ሳትወፍር የለበሰችው ይሆናል። «ይሄ ለዘመድ ይሰጥ» የሚለው ከእሷ አፍ ይውጣ። ፎቶ ልታነሺ ከሆነም አስፈቅጂ፤ የትም እንደማትለጥፊውም ንገሪያት።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ሁለታችሁም ታፍራላችሁ። «በጀትሽ ስንት ነው?» ስትያት ወይ ይሉኝታ ይዟት ትጨምራለች፣ ወይ አንቺን ፈርታ ትቀንሳለች። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «መጨረሻ የገዛሻቸው ሦስት ልብሶች ስንት ስንት ነበሩ? የት ገዛሻቸው?» ያኔ እውነተኛው ቁጥር ይወጣል። ቢሮ ድረስ ከምትመጣዋ ነጋዴ በየወሩ እየከፈለች የወሰደችው ካለም እዚህ ይታወቃል። ዱቤ ካለባት በጀቷ ከምትነግርሽ ያነሰ ነው። ከሰልባጅ የምትገዛ ከሆነም በግልጽ እንድትነግርሽ አድርጊ፣ ፊትሽን እንዳትቀይሪ። ሰልባጅ ውስጥ ጥሩ ኮት ይገኛል፤ ጫማ ግን ሌላ ሰው እግር የቀረጸው ስለሆነ አልመክርም።

ቀጥሎ «ገንዘቡ መቼ ነው እጅሽ የሚገባው?» በይ። ደመወዝተኛዋ በወር መጨረሻ፣ ነጋዴዋ ከበዓል በኋላ፣ ሌላዋ ዕቁቧ ሲወጣ። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ በበዓል ሰሞን በጉ አለ። ይሄን ሳታውቂ የግዢ ቀን ብትቀጥሪ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ አንቺም «ጠፋችብኝ» ትያለሽ።

ሦስተኛው፣ «ከባለቤትሽ ጋር የምትመካከሩበት ዋጋ ከስንት ይጀምራል?» አንዳንዷ 2,000 ብር በራሷ ታወጣለች፣ 5,000 ሲሆን ግን ቤት ይጠየቃል። ድንበሩን ካወቅሽ ሱቅ ውስጥ «ቆይ ልደውል» የሚለው አያስደነግጥሽም። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሱቅ የተሸጠ ዕቃ አይመልስምና ጥያቄው ከግዢ በፊት ቢያልቅ ይሻላል።

አራተኛው፣ በጀቱ ውስጥ ምን እንዳለ ለዩ። ያንቺ ክፍያ ለብቻው ነው። የልብስ ሰፊው ለብቻው ነው። ሰው ልብስ ሰፊውን ይረሳዋል፤ ግን ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ ለማስጠበብና ለማሳጠር ያላስቀመጠ ሰው የሚገዛው ልብስ ልኩን አያገኝም።

የዚያችን ሴት ሂሳብ ልንገርሽ። 18,000 ብር ነበራት፣ በሁለት ደሞዝ የሚከፈል። ዝቅ ያለ የቆዳ ጫማ 4,500። ልኳ ተወስዶ የተሰፋ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ጉርድ፣ ሁለቱ 4,400። ጉርዱ ለቢሮም ለለቅሶም ያገለግላል። ቦርሳ ውስጥ የሚታጠፍ የዝናብ ጃኬት 4,000። ሁለት ቦዲ 1,000። ዚፕ፣ ማሳጠርና ማስፋት ለልብስ ሰፊ 1,500። ድምሩ 15,400። የቀረውን 2,600 እንዳትነካው ነገርኳት። ዋጋው የዚያን ጊዜና የእሷ ነው፤ ያንቺ ደንበኛ ሌላ ይሆናል። የማሳይሽ ክፍፍሉን ነው። ከሁሉ ብዙ የወሰደው ጫማው ነው፣ ቀሚስ ግን አንድም የለበትም።

ቅር አላት፣ አልደብቅሽም። «ለዚህ ነው የጠራሁሽ?» የሚል ፊት አየሁ። ያኔ ወረቀቱ ላይ አሰላሁላት። 6,000 ብር ያወጣችበት የሰርግ ቀሚስ ሁለቴ ተለብሷል፤ አንዱ ቀን 3,000 ብር ወጣበት። ጫማውን በዓመት 150 ቀን ካደረገችው በቀን 30 ብር ነው። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «እሺ፣ ጫማው ግን ቀይ ወይን ጠጅ ይሁን» አለች። እኔ ጥቁር ነበር ያሰብኩት። ወረቀቱ ላይ ስናየው ወይን ጠጁ ከሁሉም ጋር ሄደ። «ምን ትወጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ ቦታው እዚህ ጋ ነው፤ ምን እንደሚያስፈልግ ካለቀ በኋላ፣ ቀለሙና ቅርጹ ሲመረጥ። ያሳየችሽን ፎቶም ያኔ አውጪው። «ከዚህ ፎቶ አንድ ነገር ብቻ ብትወስጂ የቱን ትወስጃለሽ?» በያት። ቀለሙን ትላለች፣ ወይ ጆሮ ጌጡን። ያንን ታደርጊላታለሽ።

ይሄ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድብሽ ነው። ሁለት ሰዓት ካለፈ ደንበኛዋ ይደክማትና ሁሉንም «እሺ» ማለት ትጀምራለች፤ ያ «እሺ» ዋጋ የለውም። ተነሺና ሂጂ። በዚያ ቀን ሱቅ እንዳትሄዱ። ወረቀቱን አንድ ቅጂ ተዪላት፤ ሳምንት ቆይተሽ ደውይ። በመሃል ራሷ የምትሰርዘው ነገር ካለ፣ ቀድሞም አያስፈልጋትም ነበር።

የቅዳሜዋ ደንበኛሽ ቤት በር ላይ ጫማ ታወልቂያለሽና ካልሲሽን አይተሽ ውጪ። እኔ የተቀደደ አድርጌ ገብቼ አውቃለሁ።